በኢንተርኔት ስልጠና ስም የሚጠራው ማን ነው?
የማቆያ ክፍል፣ የቡድን ክፍሎች፣ የቀረጻና የመገኘት ሪፖርት አደራረግ

መግቢያ

በመማሪያ ክፍል ውስጥ ስም ሲጠራ መምህሩ የተማሪውን ፊት ያያል፤ ድምፁንም ይሰማል። ዘግይቶ የመጣው ተማሪ በሩን ሲያንኳኳ የዘገየበትን ምክንያት ይጠየቃል። በኢንተርኔት አማካይነት በሚካሄድ ስልጠና ወይም በተለምዶ ዌቢናር በሚባለው ስብሰባ ግን ስም የሚጠራው መሣሪያው ራሱ ነው። መሣሪያው የሚያውቀው ደግሞ አንድ ግንኙነት ስንት ሰዓት እንደ ጀመረና ስንት ሰዓት እንደ ተቋረጠ ብቻ ነው። ስለ ሰውየውና ስለ መብራት መጥፋት የሚያውቀው ነገር የለም።

ይሁን እንጂ ከስልጠናው በኋላ የምስክር ወረቀት ለማን እንደሚሰጥ የሚወሰነው ብዙውን ጊዜ በዚሁ መሣሪያ መዝገብ ነው። በመሆኑም በዚህ ጽሑፍ የሚብራራው አንድ ጉዳይ ነው፤ ይኸውም አስተናጋጁ ከስልጠናው በፊትና በስልጠናው ጊዜ የሚመርጣቸው ሁኔታዎች በመጨረሻ በመገኘት ሪፖርቱ ላይ እንዴት እንደሚጻፉና ሪፖርቱም እንዴት መነበብ እንዳለበት ነው። ለምሳሌነት የተወሰደው ዙም የተባለው የመሰብሰቢያ ፕሮግራም ነው። በሰሌዳው ላይ የሚነበቡት ቃላት በእንግሊዝኛ ስለሆኑ አንባቢው ፈልጎ እንዲያገኛቸው እንዳሉ ተቀምጠዋል።

ማብራሪያው በቅደም ተከተል እንዲሄድ አንድ ስልጠና እንዳለ አድርገን እንውሰድ። ሠልጣኞቹ 60 መምህራን ናቸው። ስልጠናው ከጧቱ 3 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ተኩል፣ ማለትም 90 ደቂቃ ይፈጃል። በመካከሉ 30 ደቂቃ በአሥር ቡድን ተከፍለው ይወያያሉ። የምስክር ወረቀት ለማግኘት ከጠቅላላው ጊዜ ቢያንስ 80 ከመቶውን፣ ማለትም 72 ደቂቃ መገኘት ያስፈልጋል።

1. የስብሰባው ዓይነት አመራረጥ

በመጀመሪያ መታረም ያለበት ከስያሜ የሚነሣ ስሕተት ነው። እኛ በልማድ ማንኛውንም የኢንተርኔት ስልጠና ዌቢናር እንለዋለን። በዙም ውስጥ ግን Webinar እና Meeting ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። Webinar የሚለው ለትልቅ ጉባኤ የተዘጋጀ ነው፤ ተናጋሪዎቹ በመድረክ ላይ ሲሆኑ አድማጮቹ አይታዩም፣ ካልተፈቀደላቸውም አይናገሩም። የማቆያ ክፍልም ሆነ የቡድን ክፍሎች የሉትም። ስለዚህ መምህራን በቡድን ተከፍለው የሚወያዩበትን ስልጠና የሚያዘጋጅ ሰው፣ በጥሪው ላይ «ዌቢናር» ብሎ ቢጽፍም፣ በፕሮግራሙ ውስጥ መምረጥ ያለበት Meeting የሚለውን ነው። ይህን በስልጠናው ዕለት የሚያውቅ አስተናጋጅ ለማረም ጊዜ አያገኝም።

ሁለተኛው ነጥብ የሒሳቡ ዓይነት ነው። ያለ ክፍያ የሚገኘው ሒሳብ እስከ 100 ሰው ቢያስተናግድም ከ40 ደቂቃ በኋላ ስብሰባውን ይዘጋል። ከዚህም በላይ የመገኘት ሪፖርትና በኢንተርኔት ማከማቻ የሚቀመጥ ቀረጻ የሚገኙት በሚከፈልበት ሒሳብ ብቻ ነው። የ90 ደቂቃ ስልጠና አዘጋጅቶ መገኘትን መመዝገብ የሚፈልግ መሥሪያ ቤት ይህን ከዕቅዱ ጋር አብሮ ማሰብ ይኖርበታል።

ሦስተኛው የሰዓት ጉዳይ ነው። ፕሮግራሙ ከጧቱ 3 ሰዓትን 9:00 AM ብሎ ይጽፋል። ይህ ጽሑፍ ሳይለወጥ ለመምህራን ቢላክ አንዳንዱ ከቀኑ 9 ሰዓት ብሎ አንብቦ ከስድስት ሰዓት በኋላ ይመጣል። ስለዚህ ከጥሪው ጋር ሰዓቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር «ከጧቱ» የሚለው ቃል ተጨምሮበት፣ ቀኑም በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር መጻፍ አለበት። በአስተናጋጁ ሒሳብ ላይ ያለው የሰዓት ክልል GMT+3:00 መሆኑም አስቀድሞ መታየት ይገባዋል፤ በኋላ በሪፖርቱ ላይ የሚወጡት ሰዓቶች የሚጻፉት በዚሁ መሠረት ነውና።

በመጨረሻም ለእያንዳንዱ ሠልጣኝ መለያ ቁጥር መስጠት ይጠቅማል። የአንድ መምህር ስም አንድ ጊዜ በአማርኛ፣ ሌላ ጊዜ በእንግሊዝኛ ፊደል ይጻፋል፤ በልጁ ወይም በባልደረባው ስልክ ከገባ ደግሞ የስልኩ ባለቤት ስም ይወጣል። በእኛ ምሳሌ መለያው የቡድኑን ቁጥርና የሰውየውን ተራ ቁጥር ይይዛል። ለምሳሌ 17ኛው መምህር የሚመደቡት በሦስተኛው ቡድን ስለሆነ መለያቸው 03-017 ይሆናል። ሠልጣኙ ሲገባ ስም በሚጠየቅበት ቦታ ይህን ቁጥር ከስሙ በፊት እንዲጽፍ በጥሪው ላይ ይነገረዋል።

2. የማቆያ ክፍል

Waiting Room የሚባለው አስተናጋጁ እስኪያስገባው ድረስ ተሳታፊው የሚጠብቅበት ደጅ ነው። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች በተዘጉበት ወቅት ያልተጋበዙ ሰዎች በየስብሰባው እየገቡ ማወክ በመጀመራቸው፣ ኩባንያው ከመጋቢት 27 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ለብዙ ተጠቃሚዎች የማቆያ ክፍሉ ሳይጠየቅ ክፍት እንዲሆን አድርጓል። ዓላማው ጥበቃ ነው።

አሠራሩ በድረ ገጹ ላይ Settings ከዚያም Security በሚለው ሥር ይገኛል። እዚያ ማን በማቆያ ክፍል እንደሚያልፍ ይመረጣል፤ ሁሉም እንዲያልፍ ማድረግ ወይም የመሥሪያ ቤቱ ሒሳብ የሌላቸው ብቻ እንዲያልፉ ማድረግ ይቻላል። ስብሰባው ሲጀመር አስተናጋጁ የተሳታፊዎችን ዝርዝር ከፍቶ በመለያ ቁጥራቸው የሚያውቃቸውን በ Admit አንድ በአንድ፣ ወይም ሁሉንም በ Admit All ያስገባል።

ችግሩ የሚመጣው ከመጀመሪያው ደቂቃ በኋላ ነው። ግንኙነቱ የተቋረጠበት ሠልጣኝ ተመልሶ ሲመጣ እንደገና በማቆያ ክፍሉ ይቆማል። መብራት በየጊዜው በሚጠፋበትና የስልክ ኔትዎርክ በሚቆራረጥበት አካባቢ ይህ በአንድ ስልጠና ውስጥ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል። አስተናጋጁ በዚህ ጊዜ ንግግር እያደረገ ወይም ጽሑፍ እያሳየ ከሆነ ደጅ የቆመውን አያይም። ሠልጣኙም ከውጭ ሆኖ ድምፁን ማሰማት አይችልም።

ለዚህ ሁለት መፍትሔዎች አሉ። አንደኛው በሩን ብቻ የሚጠብቅ ረዳት አስተናጋጅ መመደብ ነው። ረዳቱ ወደ ስብሰባው ከገባ በኋላ አስተናጋጁ በስሙ አጠገብ Make co-host የሚለውን ይመርጥለታል። ይህ ምርጫ እንዲታይ በ Settings ውስጥ Co-host የሚለው አስቀድሞ መከፈት አለበት። ረዳቱም ከሠልጣኞቹ ቀደም ብሎ መግባት ይኖርበታል። ሁለተኛው መፍትሔ ሁሉም ተለይተው ከገቡ በኋላ የማቆያ ክፍሉን መዝጋት ነው። ይህ ቢደረግ የተቋረጠ ሰው በቀጥታ ይመለሳል፤ ነገር ግን መግቢያው ወደ ውጭ ተላልፎ ከሆነ ያልተጋበዘም ሰው ይገባል። ረዳት ማግኘት ከተቻለ የመጀመሪያው ይመረጣል።

3. የቡድን ክፍሎች

Breakout Rooms የሚባሉት ተሳታፊዎቹ በአነስተኛ ቡድን የሚወያዩባቸው ክፍሎች ናቸው። ሰዎችን የመመደቢያው መንገድ ሦስት ነው፤ ፕሮግራሙ በዕጣ መልክ ያከፋፍላል፣ አስተናጋጁ ራሱ ይመድባል፣ ወይም ተሳታፊዎቹ ክፍላቸውን ይመርጣሉ።

ከስብሰባው በፊት መመደብም ይቻላል። ለዚህ የክፍሉን ስምና የሠልጣኙን ኢሜይል የያዘ ዝርዝር በሚከተለው ቅርጽ ይሰቀላል፦

```
Pre-assign Room Name,Email Address
Room 03,t017@example.org
Room 07,t042@example.org
```

ይህ አሠራር ለዓይን ያማረ ቢሆንም ፕሮግራሙ ሰውየውን የሚያውቀው በኢሜይሉ ነው። መምህሩ በስልኩ ሊንኩን ተጭኖ በዚያ ኢሜይል ሳይመዘገብ ከገባ ምደባው አይሠራም፤ ክፍሎቹ ሲከፈቱም ብቻውን በዋናው ክፍል ይቀራል። የሠልጣኞቹ ሁሉ ኢሜይል በትክክል በማይታወቅበት ጊዜ የሚሻለው ከ01 እስከ 10 የተሰየሙ አሥር ክፍሎች ፈጥሮ Let participants choose room የሚለውን መምረጥ ነው። እያንዳንዱ መምህር በመለያ ቁጥሩ መጀመሪያ ላይ ያለውን የቡድን ቁጥር አይቶ ወደ ክፍሉ ይገባል። ፕሮግራሙ ያረጀ ስልክ የያዙና ምርጫው ያልታያቸው ጥቂት ሰዎች ቢኖሩ ረዳቱ በመለያቸው እያየ ይመድባቸዋል።

ክፍሎቹ በተከፈቱ ጊዜ አስተናጋጁ ከክፍል ወደ ክፍል እየዞረ ውይይቱን ሊከታተል ይችላል። ረዳቱ ግን ከዋናው ክፍል መነሣት የለበትም። ከቡድን ውስጥ የተቋረጠ ሰው ሲመለስ መጀመሪያ ማቆያ ክፍል፣ ከዚያ ዋናው ክፍል ይደርሳል፤ ወደ ቡድኑ የሚመልሰው ሰው ከሌለ በባዶ ክፍል ተቀምጦ ይቀራል። የውይይቱ ጊዜ ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ለሁሉም ክፍሎች ጽሑፍ መላክ ይቻላል። አስተናጋጁ መዝጊያውን ሲጫን ደግሞ፣ ሌላ ምርጫ ካልተደረገ በቀር፣ ለተሳታፊዎቹ 60 ሴኮንድ ይቆጠርላቸዋል።

4. ቀረጻ

ቀረጻ በአስተናጋጁ ኮምፒዩተር ወይም በኩባንያው የኢንተርኔት ማከማቻ ይቀመጣል። ልዩነቱ በተለይ በቡድን ውይይት ጊዜ ይታያል። በኢንተርኔት ማከማቻ የሚቀመጠው ቀረጻ ምንጊዜም ዋናውን ክፍል ብቻ ይይዛል፤ አስተናጋጁ ሌላ ክፍል ቢገባም አይከተለውም። በመሆኑም ካልተቋረጠ 30 ደቂቃ ባዶ ክፍል ይቀርጻል። በኮምፒዩተር ላይ የሚቀመጠው ግን ቀራጩ ያለበትን ክፍል ይይዛል። አስተናጋጁ ሳያስበው አንዱን ቡድን ብቻ ቀርጾ ሊወጣ ይችላል፤ የዚያ ቡድን አባላትም እነርሱ ብቻ የተቀረጹበትን ምክንያት አያውቁም። በውይይቱ ጊዜ ቀረጻውን በ Pause ማቆየትና ሲመለሱ መቀጠል ሁለቱንም ችግር ያስወግዳል።

በኮምፒዩተር የተቀረጸው ስብሰባው እንዳለቀ ወደ ቪዲዮ ይለወጣል። ይህ ሳይፈጸም ኮምፒዩተሩ ከተዘጋ ወይም መብራት ከጠፋ በማኅደሩ ውስጥ የሚገኘው double_click_to_convert_01.zoom የሚል ፋይል ይሆናል። ይህን አይቶ ቀረጻው ጠፋ ብሎ መሰረዝ አይገባም። ፋይሉ ሁለት ጊዜ ሲጫኑት ልወጣው ይቀጥላል።

ቀረጻ ሲጀመር ፕሮግራሙ ለሁሉም ያስታውቃል። ማስታወቂያው በእንግሊዝኛ ሊሆን ስለሚችል አስተናጋጁ አስቀድሞ በአማርኛ ቀረጻው ለምን እንደሚፈለግ፣ ማን እንደሚያየውና መታየት የማይፈልግ ሰው ካሜራውን መዝጋት እንደሚችል መናገር አለበት።

5. የመገኘት ሪፖርት አነባበብ

ሪፖርቱ ስብሰባው ካለቀ ጥቂት ቆይቶ በድረ ገጹ ላይ Reports በሚለው ሥር Usage Reports ከሚለው ይገኛል። ከስብሰባው ስም ፊት ለፊት ያለው የተሳታፊዎች ቁጥር ሲጫኑት ዝርዝሩ ይከፈታል፤ Export በሚለውም ይወርዳል። ኋላ ላይ ጥያቄ ቢነሣ ማስረጃ እንዲሆን በዚያው ሳምንት አውርዶ ማስቀመጥ ይገባል።

የወረደው ፋይል በኤክሴል ሲከፈት የአማርኛ ስሞች ወደማይነበቡ ምልክቶች ከተለወጡ ፋይሉ አልተበላሸም። ባዶ ሰንጠረዥ ከፍቶ Data ከሚለው ሥር From Text/CSV የሚለውን መርጦ የፊደሉን ዓይነት 65001: Unicode (UTF-8) ሲያደርጉት ፊደሉ ይስተካከላል።

በሪፖርቱ ላይ Show unique users የሚል ምርጫ አለ። ይህ የአንድን ሰው መስመሮች ሁሉ አጣምሮ አንድ ድምር ይሰጣል። ሥራ ያቀልላል፤ ነገር ግን የገባበትንና የወጣበትን ሰዓት ስለሚደብቅ ድምሩ ትክክል መሆኑን ለመመርመር አይቻልም። ምክንያቱን በሁለት ሠልጣኞች እንመልከት። ሰዓቱ መሣሪያው እንደሚጽፈው ተቀምጧል፤ 9:00 ማለት ከጧቱ 3 ሰዓት ነው።

```
Name    Join   Leave  Min  In Waiting Room
03-017  08:48  09:02  14   Yes
03-017  09:02  09:31  29   No
03-017  09:40  09:49   9   Yes
03-017  09:49  10:30  41   No
07-042  09:00  10:00  60   No
07-042  09:32  10:08  36   No
```

የመጀመሪያዋን መምህርት እንውሰድ። አራቱ መስመሮች ሲደመሩ 93 ደቂቃ ይሆናሉ። ስልጠናው በጠቅላላው 90 ደቂቃ ስለሆነ ይህ ቁጥር ብቻውን አንድ ስሕተት እንዳለ ያሳያል። ድምሩን ያሳደገው በደጅ የቆዩበት ጊዜ ነው። በማቆያ ክፍል የነበሩበት ይቀነስ ብንል በውስጥ የተገኙት 29 እና 41፣ በድምሩ 70 ደቂቃ ነው፤ ከ72 ስለሚያንስ የምስክር ወረቀት አያገኙም።

ሰዓቶቹን በቅደም ተከተል ስናነብ ግን ሌላ ነገር እናገኛለን። መምህርቷ ከ14 ደቂቃ ቀደም ብለው ከተገናኙ በኋላ የገቡት 9:02 ላይ ነው። በ9:31 ግንኙነታቸው ተቋርጧል። በ9:40 ተመልሰዋል፤ የገቡት ግን 9:49 ላይ ነው። በእነዚህ ዘጠኝ ደቂቃዎች እርሳቸው በደጅ ነበሩ፤ በሩን የሚከፍት አልነበረም። ይህ የሆነው በቡድን ውይይቱ ጊዜ ስለሆነ አስተናጋጁ በአንዱ ክፍል እንደ ነበረ መገመት ይቻላል። ስለዚህ የዘጠኙ ደቂቃዎች ጉድለት የሠልጣኟ ሳይሆን የአዘጋጁ ነው። 9:00 ላይ ስልጠናው ሲጀመርም ሁለት ደቂቃ ደጅ ቆይተዋል። ሁለቱ ሲጨመሩ 70 ሲደመር 9 ሲደመር 2፣ 81 ደቂቃ ይሆናል። ከ8:48 እስከ 9:00 የጠበቁት 12 ደቂቃ ግን ስልጠናው ከመጀመሩ በፊት ስለሆነ አይቆጠርም። በ9:31 እና በ9:40 መካከል የጎደለውም እንዲሁ ጎድሎ ይቀራል።

ሁለተኛው መምህር በማቆያ ክፍል የቆዩበት ጊዜ አልተመዘገበም። ሁለቱ መስመሮቻቸው ሲደመሩ 96 ደቂቃ ስለሚሆን ያለ ጥርጥር ያለፉ ይመስላል። ይሁን እንጂ የመጀመሪያው መስመር ሳያልቅ ሁለተኛው ጀምሯል። ይህ የሚሆነው አንድ ሰው በስልክና በኮምፒዩተር በአንድ ጊዜ ሲገባ ነው። ከ9:32 እስከ 10:00 ያለው 28 ደቂቃ ሁለት ጊዜ ተቆጥሯል። በእውነት የተገኙት ከ9:00 እስከ 10:08፣ ማለትም 68 ደቂቃ ነው። መስፈርቱን አላሟሉም።

እንግዲህ መስመሮቹን ሳይመረምር የደመረ ሰው ደጅ የቆሙትን ጥሎ ቀድመው የወጡትን ያሳልፋል። ይህ እንዳይሆን ሦስት ሕጎችን መከተል ይበቃል። አንደኛ፣ ከስልጠናው መጀመሪያ በፊትና ከመጨረሻው በኋላ ያለው ጊዜ አይቆጠርም። ሁለተኛ፣ የሚደራረቡ መስመሮች አንድ ጊዜ ብቻ ይቆጠራሉ። ወደ ቡድን ክፍል መግባትና መውጣትም ተጨማሪ መስመር ሊፈጥር ስለሚችል ይህ ሕግ ለዚያም ያገለግላል። ሦስተኛ፣ ስልጠናው ከተጀመረ በኋላ በማቆያ ክፍል ያለፈው ጊዜ ለሠልጣኙ ይቆጠራል። ሦስተኛው ሕግ በፕሮግራሙ ውስጥ የለም፤ መሥሪያ ቤቱ ራሱ መወሰንና ከስልጠናው በፊት ለሠልጣኞች ማስታወቅ አለበት።

ሪፖርቱ የማይመልሰው ጥያቄም አለ። ዝርዝሩ ሰውየው በየትኛው ቡድን እንደ ተወያየ አያሳይም፤ ስልኩን ከፍቶ ወደ ሌላ ሥራ የሄደውንም ከሚያዳምጠው አይለይም። ስለዚህ በቡድኑ ውስጥ አንድ ጸሐፊ ተመርጦ የተገኙትን መለያ ቁጥርና የውይይቱን ውጤት በአንድ ገጽ ጽፎ ቢልክ ሪፖርቱን ለማመሳከር ያገለግላል። በአሥር ቡድን አሥር ገጽ ማንበብ ከባድ ሥራ አይደለም።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደ ተመለከትነው የመገኘት ሪፖርቱ የሚጻፈው ከስልጠናው በኋላ ሳይሆን ከስልጠናው በፊት ነው። መለያ ቁጥር ካልተሰጠ መስመሮቹ የማን እንደሆኑ አይታወቅም። በር ጠባቂ ካልተመደበ የሠልጣኙ ጊዜ በደጅ ይባክናል። የቡድን አመዳደቡ ከሠልጣኞቹ ስልክ ጋር ካልተስማማ አንዳንዱ በባዶ ክፍል ይቀራል። አዘጋጁ እነዚህን አስቀድሞ ካላሰበ በመጨረሻ በእጁ የሚገኘው የቁጥር ዝርዝር ብቻ ይሆናል።

ስለዚህ ሪፖርቱ በእጁ የደረሰው ኃላፊ ስሙ ከዝርዝር የሚሰረዝ መምህር ባጋጠመው ጊዜ ከመሰረዙ በፊት መስመሮቹን አንድ በአንድ ያንብብ። በ9:40 እና በ9:49 መካከል ያለው መስመር Yes የሚል ከሆነ መምህሩ መጥቶ ነበር፤ በሩን የሚከፍትለት ግን አላገኘም።